ቃለ ጉባኤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚታመነው በምኑ ነው?

አክሲዮን ማኅበር፣ የቤት ሥራ ማኅበር፣ ዕድር፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ ውጭ ሀገር ያለ የኮሚዩኒቲ ማኅበር። ሁሉም ጋ ስብሰባ አለ። ስብሰባ ካለ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሰላም እስካለ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ነገር ሲበላሽ ግን ሁሉም የሚሮጠው ወደዚያ ወረቀት ነው። አንዱ «ይሄማ ተወስኗል፣ ይኸው ቃለ ጉባኤው» ይላል፤ ሌላው «እኔ እዚያው ነበርኩ፣ እንዲህ የሚባል ነገር አልተነሳም» ይላል።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች በብዛት ይሰማሉ። የመጀመሪያው «ሰብሳቢው ፈርሞበታል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ ስለዚህ አለቀ» የሚለው ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው የፈረሙት ወረቀት ለእነሱ እንዴት ይመሰክራል?» ይላል። ፍርድ ቤት ሁለቱንም አይቀበልም። የሚያየው ሌላ ነገር ነው። መቼ ተጻፈ? ማን መቼ አጸደቀው? ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከተጻፈው ጋር ይገጥማል ወይ?

ይህንን በደንብ የሚያሳየው አውስትራሊያ ውስጥ የታየ አንድ ክርክር ነው። እስከ ሀገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደርሷል። የክርክሩ እምብርትም አንድ የቦርድ ቃለ ጉባኤ ነበር። ጉዳዩን ረጋ ብለን እንየውና ከዚያ ወደ እኛ ሀገር አሠራር እንመለሳለን።

ቃለ ጉባኤ ውሳኔው ራሱ ነው እንዴ?

አይደለም። ውሳኔው የሚሰጠው ስብሰባው ላይ፣ ሰዎች እጅ ሲያወጡ ወይም ድምፅ ሲሰጡ ነው። ቃለ ጉባኤው ያ ነገር መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሙግት ውስጥ ሲገባ ግን ትልቅ ነው። ያልተወሰነ ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ውሳኔ አይሆንም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሕጉ ወይም የማኅበሩ ደንብ የግድ በጽሑፍ ይሁን ካላለ በቀር፣ ቃለ ጉባኤው ቢጠፋም ውሳኔው መሰጠቱን በሌላ መንገድ ማስረዳት የሚቻልበት ሁኔታ አለ።

ብዙ ሀገሮች የኩባንያ ሕጋቸው ውስጥ ስለዚህ ነገር በግልጽ ጽፈዋል። በእንግሊዝ የ2006 የኩባንያ ሕግ፣ የዚያው ስብሰባ ሰብሳቢ ወይም የሚቀጥለው የዳይሬክተሮች ስብሰባ ሰብሳቢ ያረጋገጠው የቦርድ ቃለ ጉባኤ ለተከናወነው ነገር ማስረጃ ነው፤ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስም ስብሰባው በአግባቡ እንደተጠራና እንደተካሄደ ይቆጠራል። መዝገቡም ቢያንስ ለ10 ዓመት መቀመጥ አለበት። የአውስትራሊያ ሕግም ተመሳሳይ ነው፤ እሱ ቃለ ጉባኤው በ1 ወር ውስጥ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፣ ሰብሳቢውም በተገቢው ጊዜ ውስጥ እንዲፈርምበት ይፈልጋል።

«ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ» የሚለውን ልብ በሉ። ቃለ ጉባኤው አይነኬ ነው ማለት አይደለም። ሸክሙን ግን ያዞራል። ቃለ ጉባኤውን ያቀረበው ሰው «ይኸው» ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። «ውሸት ነው» የሚለው ሰው ነው ማስረጃ ፍለጋ የሚወጣው።

ለምን እንዲህ ተደረገ ካላችሁ፣ የዕቁብን ነገር አስቡት። ጸሐፊው ዕጣው እንደወጣ እዚያው፣ ሁሉም እያየ፣ «የዚህ ሳምንት ለእገሌ» ብሎ መዝገቡ ላይ ከጻፈ፣ ከስድስት ወር በኋላ «ያኔ የወጣው ለእኔ ነበር» የሚል ሰው ቢመጣ ማንም አይሰማውም። ጸሐፊው ግን ቤቱ ሄዶ፣ ጠብ ከተነሳ በኋላ፣ ከትዝታው የጻፈው ከሆነ መዝገቡ የአንድ ሰው ወሬ ነው። ወረቀቱም፣ የእጅ ጽሑፉም፣ ፊርማውም ያው ሊሆን ይችላል። የተለየው የተጻፈበት ሰዓትና ያየው ሰው ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ጄምስ ሃርዲ ለረጅም ዘመን አስቤስቶስ ያለባቸው የግንባታ ቁሳቁሶችን ሲያመርት የኖረ ኩባንያ ነው። የአስቤስቶስ ብናኝ ሲተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል፤ ካንሰርም ያመጣል፤ ሕመሙ የሚወጣው ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በኩባንያው ላይ የካሳ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣ ነበር፤ ወደፊትም እንደሚመጣ የታወቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2001 ቦርዱ ተሰበሰበ። የካሳው ጥያቄ የሚቀርብባቸውን ሁለት ንዑሳን ኩባንያዎች ከዋናው ኩባንያ ነጥሎ ለአንድ አዲስ ፋውንዴሽን ለማስረከብ ወሰነ። በማግስቱ ለአክሲዮን ገበያው መግለጫ ወጣ። መግለጫው ፋውንዴሽኑ ትክክለኛ የካሳ ጥያቄዎችን ሁሉ ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው በእርግጠኝነት ይናገር ነበር።

አልበቃም። ብዙም ሳይቆይ ገንዘቡ እንደማይደርስ ታወቀ፤ በ2004 የወጣ የመንግሥት አጣሪ ሪፖርትም ጉድለቱ ከ1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ መሆኑን አሳየ። ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው መሀል ላይ የቀሩት። በ2007 የኩባንያዎች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተሮቹን ከሰሰ። ክሱ «ይህንን አሳሳች መግለጫ እንዲወጣ ያጸደቃችሁት እናንተ ናችሁ» የሚል ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ። ቦርዱ በዚያ ቀን የመግለጫውን ረቂቅ አይቶ አጽድቋል ወይስ አላጸደቀም? የዕለቱ ቃለ ጉባኤ መልስ ነበረው። ሰብሳቢው መግለጫውን ለቦርዱ አቀረበ፤ ቦርዱም አጸደቀው፤ ለገበያው እንዲላክም ተወሰነ ይላል። ይህ ቃለ ጉባኤ በኤፕሪል 2001 መጀመሪያ ላይ በተደረገው ቀጣይ ስብሰባ ቀርቦ ትክክል ነው ተብሎ ጸድቋል፤ ሰብሳቢውም ፈርሞበታል።

ታዲያ ዳይሬክተሮቹ በምን ተከራከሩ?

ሥራ አስፈጻሚ ያልሆኑት ሰባት የቦርድ አባላት በጥቅሉ ያሉት መግለጫው ቀርቦ ስለመጽደቁ የምናስታውሰው ነገር የለም ነው። እንዲህ ዓይነት ጠንካራ ቃል ያለበት መግለጫ ቀርቦልን ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን አናልፈውም ነበር ያሉም አሉ።

እውነቱን ለመናገር ቃለ ጉባኤውን ለመጣል የሚመች ብዙ ነገር ነበራቸው። የቃለ ጉባኤው ረቂቅ የተዘጋጀው ከስብሰባው በፊት ነው፤ ያዘጋጁት ደግሞ የኩባንያው የውጭ ጠበቆች ናቸው። ማለትም ገና ሰው ሳይሰበሰብ «ቦርዱ አጸደቀ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሁለተኛ፣ ጸደቀ የተባለው የመግለጫ ጽሑፍ ከቃለ ጉባኤው ጋር አልተያያዘም። በማግስቱ ለገበያው የወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከረቂቁ ጋር ቃል በቃል አንድ አልነበረም። ስለዚህ «ጸደቀ የምትሉት የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቃለ ጉባኤው ብቻውን መልስ አልነበረውም። ሦስተኛ፣ በሌሎች ዝርዝሮች ላይ ቃለ ጉባኤው ስህተት እንደነበረበት ተረጋግጧል።

በዚያ ላይ ተቆጣጣሪው ስብሰባው ላይ የነበረውን የውጭ ጠበቃ ምስክር አድርጎ አልጠራውም። ዳይሬክተሮቹ «ለምን አልጠራችሁትም? የፈራችሁት ነገር አለ ማለት ነው» አሉ።

በ2009 የመጀመሪያው ዳኛ ቃለ ጉባኤውን አምኖ በዳይሬክተሮቹ ላይ ፈረደ። በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠው፤ መጽደቁ አልተረጋገጠም አለ። በሜይ 3 ቀን 2012 የሀገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ነገሩን እንደገና ገለበጠና ቃለ ጉባኤውን አመነ።

ይህን ያህል ጉድለት ያለበትን ቃለ ጉባኤ ለምን አመነው?

ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ በጣም ጠቃሚው ቦታ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ቃለ ጉባኤው የጸደቀው ከስብሰባው ሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ክስ የለም፤ ጠብም የለም፤ የገንዘቡ ጉድለትም ገና አልወጣም። ማንም ሰው ሆነ ብሎ ቃለ ጉባኤውን ለማጣመም ምክንያት አልነበረውም። በሌላ በኩል የዳይሬክተሮቹ «አላስታውስም» የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ክስ ከተመሠረተ ወዲያ ነው። ፍርድ ቤት ሁለቱን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ ነገሩ ትኩስ እያለ የተጻፈውና የጸደቀው ይከብዳል። ሰዎቹ ይዋሻሉ ማለት አይደለም። የሰው ትዝታ ከዓመታት በኋላ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ በተለይ ደግሞ የሚያስጠይቅ ነገር ሲመጣ።

ሁለተኛው ማጽደቁ ነው። ቃለ ጉባኤውን ማን አረቀቀው የሚለው ጥያቄ ክብደቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ ያርቅቀው፣ ጸሐፊ ያርቅቀው፣ ከስብሰባው በፊት ይረቀቅ፣ በኋላ ሰዎቹ ራሳቸው «አዎ፣ የሆነው ይሄ ነው» ብለው ተቀብለውታል። ከዚያ ወዲያ ሰነዱ የጠበቃው መሆኑ ቀርቷል፤ የእነሱ የራሳቸው ቃል ሆኗል። እኛ ሀገር ስብሰባ ሲጀመር «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ ጸደቀ» ብለን በአንድ ደቂቃ የምናልፋት ነገር፣ ሙግት ሲመጣ ከፊርማውም ከማኅተሙም በላይ የምትከብደው እሷ ናት።

ሦስተኛው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። መግለጫ በማግስቱ በእርግጥ ወጥቷል። ቃለ ጉባኤው «ተወሰነ» ያለው ነገርና የተፈጸመው ነገር አንድ አቅጣጫ ነበራቸው። መግለጫው በአደባባይ ከወጣ በኋላም «ይህንን እኛ አላጸደቅንም» ብሎ የተቃወመ የቦርድ አባል አልነበረም።

ስለ ስህተቶቹም ፍርድ ቤቱ ቀላል ግን ጠቃሚ ነገር ነው ያለው። ቃለ ጉባኤው በሌላ ነጥብ ላይ መሳሳቱ በዚህ ነጥብም ተሳስቷል ማለት አይደለም። የሚጠየቀው ስህተቱ ከሚያከራክረው ውሳኔ ጋር የሚገናኝ ነው ወይ ነው። ምስክር ያልተጠራውንም ጠበቃ በተመለከተ፣ እሱ ስላልቀረበ ብቻ የቀረበው ማስረጃ ክብደቱ አይቀንስም አለ።

ውጤቱ ለዳይሬክተሮቹ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የተወሰነባቸው የ30,000 ዶላር ቅጣትና የ5 ዓመት የዳይሬክተርነት እገዳ ነበር፤ ኋላ ላይ እገዳውም ቅጣቱም ተቀንሶላቸዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳንስት። ከስብሰባው በፊት ቃለ ጉባኤ ማርቀቅ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ጄምስ ሃርዲን የሚያህል ኩባንያ ለአምስት ዓመት ሙግት የከተተው ያ አሠራርና የመግለጫው ጽሑፍ አለመያያዙ ነው። አንዲት ወረቀት፣ «አባሪ 1» ተብላ፣ ገጿ ላይ ሰብሳቢው ፈርሞባት ተያይዛ ቢሆን ኖሮ «የትኛው ረቂቅ ነው የጸደቀው?» የሚባል ጥያቄ ባልኖረ ነበር። ማኅበራችሁ ውል፣ በጀት፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ወይም ደብዳቤ ሲያጸድቅ የጸደቀው ጽሑፍ ራሱ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። «በቀረበው መሠረት ጸድቋል» ብሎ መጻፍ፣ የቀረበው ከሌለ፣ ባዶ ቃል ነው።

እኛ ሀገርስ?

የማስረጃ ደንቦቻችን በአንድ ሕግ ውስጥ አይደሉም፤ በተለያዩ ሕጎች ተበታትነው ነው የሚገኙት። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2005 አንድ የጽሑፍ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ስለተስማሙበት ነገርና ስለያዘው ቀን ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። አንቀጽ 2007 ደግሞ ጽሑፉ ወይም ፊርማው የእኔ አይደለም የሚል ሰው ይህንኑ በግልጽ መካድ እንዳለበት ያስቀምጣል። ፊርማ ከተካደ ፍርድ ቤት ለፎረንሲክ ምርመራ ሊልከው ይችላል።

እነዚህ አንቀጾች የተጻፉት በዋናነት ስለ ውል ነው። ቃለ ጉባኤ ሁሉ ውል አይደለም። ስለዚህ «ፈርሜበታለሁና መከራከር አልችልም» ወይም «ፈርሟልና አለቀለት» ብሎ መቸኮል ልክ አይደለም። የሰው ፊርማ ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስት የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። «ተገኝቻለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «የተጻፈው በትክክል የሆነው ነው» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «በውሳኔው ተስማምቻለሁ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

አንዳንድ ቃለ ጉባኤዎች ደግሞ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይሄዳሉ። ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር፣ አክሲዮን ሲተላለፍ፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ ሲሻሻል። ይሄ ጥሩ ጉልበት ይሰጣል፤ ግን ምን ላይ እንደሆነ እንወቅ። እዚያ ያለው ባለሙያ የሚያረጋግጠው የፈረመው ሰው ራሱ መሆኑን፣ ለመፈረምም ሥልጣን እንዳለው ነው። ስብሰባው ለሁሉም አባል ተጠርቶ እንደነበር፣ ምልዓተ ጉባኤው እንደሞላ፣ ድምፁ በትክክል እንደተቆጠረ እሱ አላየም። ስለዚህ የተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ ይዞ የሄደ ሰው «ለስብሰባው ጥሪ አልደረሰኝም» በሚል አባል ሊሸነፍ ይችላል።

ብዙ ቃለ ጉባኤ የሚወድቀው የት ላይ ነው?

የመገኘት ፊርማው ላይ። እዚህ ሀገር ስብሰባ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው በር ላይ ሲደርስ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ። ከላዩ ርዕስ የለውም፤ ቀን የለውም፤ የምን ስብሰባ እንደሆነ አይናገርም። ኋላ ላይ ያ ወረቀት በኮምፒዩተር ከተጻፈ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ጀርባ በስቴፕለር ይመታል። አለቀ፣ ቃለ ጉባኤ ሆነ።

አሁን እንዲህ እንበል። አንድ የቤት ሥራ ማኅበር 60 አባላት አሉት። ደንቡ ስብሰባ የሚካሄደው ከግማሽ በላይ ሲገኝ ነው ይላል፤ ማለትም ቢያንስ 31 ሰው። ኮሚቴው የማኅበሩን ትርፍ ቦታ ለመሸጥ በአባላት ተወስኗል ብሎ ቃለ ጉባኤ ያቀርባል። 34 ፊርማ አለበት። አንድ አባል ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ «ያ ስብሰባ የተጠራው ለመብራት ቆጣሪ መዋጮ ነው፣ ስለ ሽያጭ አልተወራም፣ ፊርማውም ከሌላ ቀን የመጣ ነው» ይላል።

ዳኛው ወረቀቶቹን ያገላብጣል። የፊርማው ወረቀት ቀን አለው? አጀንዳው ተጽፎበታል? የገጽ ቁጥሩ ከጽሑፉ ጋር ይቀጥላል፣ ማለትም 1/4፣ 2/4 እያለ ይሄዳል ወይስ ብቻውን የቆመ ነው? የስብሰባው ጥሪ ደብዳቤ አለ? አጀንዳው ላይ ሽያጭ የሚል አለ? ከ34ቱ ውስጥ በዚያ ቀን ሀገር ውስጥ ያልነበረ ሰው ፊርማ ይገኝበታል? ይሄ የመጨረሻው ሲገኝ ነገሩ በጣም ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ዱባይ እያለ አዲስ አበባ ከፈረመ የቀሩት 33ም ይጠረጠራሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ፊርማ መልቀም የሚጋለጠው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ነገሩም ከማኅበር ጉዳይነት አልፎ ወደ ወንጀል ሊሄድ ይችላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም በዚያ መገልገልንም ይቀጣል።

ሌላ ደግሞ አለ። 34 ሰው በር ላይ ፈርሞ ገባ፤ ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ሽያጩ ላይ ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት 25 ነበሩ። ደንቡ ምልዓተ ጉባኤው ድምፅ ሲሰጥም እንዲሞላ የሚጠይቅ ከሆነ ውሳኔው ችግር አለበት፤ ቃለ ጉባኤው ግን ይህንን አይነግረንም። «በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ» ይላል እንጂ። ማንም ሳይወጣ ቀርቶ «27 ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 3 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ» ቢል ኖሮ ቁጥሩ ተደምሮ 34 መምጣቱ ራሱ ማስረጃ ነው። የማይደመር ቁጥርም እንደዚሁ ማስረጃ ነው፤ ለተቃራኒው ወገን።

ስለዚህ ጸሐፊ የሆናችሁ ሰዎች፣ የፊርማው ወረቀት አናት ላይ የማኅበሩን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና አጀንዳውን ሰው ከመፈረሙ በፊት ጻፉ። የጽሑፉ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሰብሳቢና ጸሐፊ አጭር ፊርማ ያስቀምጡ። ባዶ መስመር ከተረፈ በመስመር ይዘጋ። ስርዝ ድልዝ ካለ አጠገቡ ይፈረምበት። በእጅ የሚጻፍ ከሆነ ገጹ አስቀድሞ ቁጥር ያለው ጥራዝ መዝገብ ከተበታተነ ወረቀት በብዙ ይሻላል፤ ከመሀል ገጽ ተገንጥሎ ከሆነ ወዲያው ይታያል።

ስብሰባው በድምፅ ከተቀዳ አይበቃም?

ይረዳል፤ ግን ቃለ ጉባኤን አይተካም። ቀረጻ ሰው ምን እንዳለ ያሳያል፤ ምን እንደተወሰነ ብዙ ጊዜ አያሳይም። ሦስት ሰው እኩል ሲያወራ ማን «እሺ» እንዳለ፣ ስንት እጅ እንደወጣ ከድምፅ አይሰማም። ቀረጻ ካለ መኖሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ቃለ ጉባኤው እስኪጸድቅ ድረስም ዋናው ፋይል አይቆረጥ፣ አይጥፋ።

ከጸደቀ በኋላ ስህተት ቢገኝስ?

አሮጌውን ገጽ አትንኩት። ገጽ ቀይሮ እንደገና ማተም፣ በጣም ቅን በሆነ ልብም ቢደረግ፣ ኋላ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጂ ሲገኝ ሁለቱንም ያስጥላል። ትክክለኛው መንገድ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ማስያዝ ነው። «በዚህ ቀን ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ 2፣ ተራ ቁጥር 3 ላይ ‘400,000 ብር’ ተብሎ የተጻፈው ‘40,000 ብር’ ተብሎ ይታረም» ተብሎ አዲሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። አሮጌው ከነስህተቱ ቦታው ላይ ይቀመጣል። ስህተቱን ማን እንዳየ፣ መቼ እንደታረመ መዝገቡ ራሱ ይናገራል።

እኔ ካልተስማማሁ ምን ላድርግ?

ወደ አውስትራሊያው ጉዳይ አንዴ እንመለስ። ከሰባቱ ሁለቱ አሜሪካ ሆነው በስልክ ነበር ስብሰባውን የተካፈሉት። የመግለጫው ጽሑፍ በእጃቸው አልነበረም፤ ሲነበብም አልሰሙም። ይህ ነፃ ያወጣናል ብለው ነበር። አላወጣቸውም። ጽሑፉን ላኩልኝ ማለት ነበረባቸው፤ ካልሆነ ደግሞ ሳላየው ድምፅ አልሰጥም ማለት ነበረባቸው ተባለ። ዝም ማለታቸው ከተስማሙት ጋር አስቆጠራቸው። ዛሬ ግማሹ አባል በዙም ወይም በቴሌግራም በሚገባበት ስብሰባ ይሄ ብዙ ሰው የሚነካ ነገር ነው። የዲያስፖራ ባለአክሲዮኖችና የኮሚዩኒቲ ማኅበራት ቦርዶች በተለይ ልብ ይበሉት።

እኛ ጋ ለዚህ የታወቀ አነጋገር አለ፤ «ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» ይባላል። ይህንን ስትሉ አጭርና ግልጽ አድርጉት። ለ10 ደቂቃ ተናግራችሁ ጸሐፊው «አቶ እገሌ አስተያየት ሰጡ» ብሎ ቢጽፍ ምንም አልተያዘላችሁም። «የግምት ሰነድ ስላልቀረበ ሽያጩን እቃወማለሁ» ብላችሁ፣ ቃሉ እንዳለ እንዲጻፍ ጠይቁ። ስትፈርሙም ከፊርማችሁ አጠገብ «በልዩነት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ከላይ ያልነው የፊርማ ሦስት ትርጉም እዚህ ጋ ይጠራል።

አንዳንዴ ጸሐፊው አልጽፍም ይላል፤ ወይም ጽሑፉ ሲመጣ ተቃውሟችሁ የለበትም። ያኔ መጯጯህ አይጠቅምም፤ ጊዜ ነው የሚጠቅመው። በዚያው ሳምንት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። የስብሰባውን ቀን፣ አጀንዳውን፣ ያላችሁትን ነገርና ያልተያዘ መሆኑን ብቻ አስፍሩ። በሁለት ቅጂ ወስዳችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ስጡ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ለራሳችሁ ያዙ። ገቢ አናደርግም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ወይም በኢሜይል ላኩት፤ የተላከበት ቀን ይቀራል። ከዚያ በሚቀጥለው ስብሰባ «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጽደቅ» ሲባል እጃችሁን አውጡና ደብዳቤው እንዲነበብ ጠይቁ።